ለድርብ አለቃ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ሒሳቡን ለዩት

ደብረ ታቦር ውስጥ ድንችና ሩዝ የሚነግድ አንድ ድርጅት አለ እንበል። ድንቹን ከፋርጣና ከጉና ሥር ካሉ ቀበሌዎች ይሰበስባል። ሩዙን ከፎገራ ሜዳ ገዝቶ ወረታ ላይ ያስፈለፍላል። ሁለቱንም ባሕር ዳርና ጎንደር ወስዶ ይሸጣል። ድርጅቱን የፈጠርኩት ለዚህ ጽሑፍ ነው፣ ቁጥሮቹም የኔ ግምት ናቸው። ሥራው ግን ከደብረ ታቦር ወረታ ባለው መንገድ ላይ በየቀኑ የምታዩት ዓይነት ነው።

ድርጅቱ በወር 2,000,000 ብር ይሸጣል፣ 1,900,000 ብር ያወጣል፣ 100,000 ብር ያተርፋል። ባለቤቶቹ ደስ ብሏቸዋል። ጎንደር ቅርንጫፍ ስለመክፈት፣ «ዲፓርትመንት» ስለማደራጀት፣ ሥራ አስኪያጆች ስለመቅጠር እያወሩ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ድንቹ ያተርፋል ወይስ ይከስራል?

ማንም አያውቅም። ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ድርጅቱ ሲዋቀር ይህን ጥያቄ የመመለስ ኃላፊነት ለማንም ስላልተሰጠ ነው። የአደረጃጀት ወሬ አሰልቺ የሚመስለን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የሳጥንና የመስመር ሥዕል ስለሚመስለን ነው። ሥዕሉ ግን አንድ ቁም ነገር ይናገራል፦ ነገሩ ሲበላሽ የሚጠየቀው ማን ነው?

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው ሰውን በሙያው መከፋፈል ነው። ፈንክሽናል ይሉታል። የግዢ ኃላፊ አለ፣ ድንችም ሩዝም ይገዛል። የሽያጭ ኃላፊ አለ፣ ሁለቱንም ይሸጣል። መጋዘንና ትራንስፖርት አንድ ሰው ይዞታል፣ ሒሳብ ሌላ ሰው። አብዛኛው ትንሽ ድርጅት፣ ስሙን ሳያውቀውም ቢሆን፣ የሚሠራው እንዲህ ነው። የደብረ ታቦሩ ድርጅታችንም አሁን ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው በምርት ወይም በቦታ መከፋፈል ነው። ዲቪዥናል የሚባለው። የድንች ዘርፍ ለብቻው፣ የሩዝ ዘርፍ ለብቻው ይቆማል። እያንዳንዱ የራሱ ገዢ፣ የራሱ ሻጭ፣ የራሱ የሒሳብ መዝገብ አለው። የድንቹ ኃላፊ ስለ ድንች ትርፍም ኪሳራም ይጠየቃል፣ «ጥፋቱ የግዢ ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ ግዢውም የሱ ነውና።

ሦስተኛው ማትሪክስ ነው። ሠራተኛው በአንድ ጊዜ ሁለት አለቃ አለው፤ አንዱ የሙያው፣ ሌላው የምርቱ ወይም የአካባቢው። ገዢዋ ለግዢ ኃላፊውም ለድንች ኃላፊውም ተጠሪ ትሆናለች።

እኔ የምሟገተው ለቅደም ተከተሉ ነው። የሚያድግ ድርጅት በመጀመሪያው መንገድ እስከቻለ ድረስ ይቆይ፤ ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው ሒሳቡ ሲያስገድደው ብቻ ይሁን፤ ሦስተኛውን ደግሞ ሌላ መላ ሲጠፋ፣ ለጥቂት ሰው ብቻ ይጠቀምበት። ለምን እንደሆነ በሒሳብ እንየው።

መቶ ሺህ ብሩ ከየት መጣ?

የሩዝ ሽያጭ 1,200,000 ብር ነው። ለግዢ 900,000፣ ለማስፈልፈያ 60,000 ወጥቷል። የሚተርፈው 240,000 ብር። የድንች ሽያጭ 800,000 ብር ነው። ለግዢ፣ የተበላሸውን ጨምሮ፣ 600,000፣ ለጆንያና ለጫኝ አውራጅ 40,000 ወጥቷል። የሚተርፈው 160,000 ብር። እስከዚህ ሁለቱም ጥሩ ናቸው።

ቀጥሎ የጋራ ወጪዎች ይመጣሉ። የመኪና ኪራይ በወር 180,000፣ ደመወዝና የመጋዘን ኪራይ 120,000። ሒሳብ ሠራተኛዋ እነዚህን በቀላሉ በሽያጭ መጠን ታካፍላለች፤ ሩዝ የሽያጩ 60 በመቶ ስለሆነ የወጪውን 60 በመቶ ይሸከማል፣ ድንች 40 በመቶውን። በዚህ ስሌት ሩዝ 60,000፣ ድንች 40,000 ብር ያተርፋል። ሁሉም በሰላም ይተኛል።

ግን መኪናው ማንን ነው ሲያመላልስ የከረመው? በወሩ 20 ጉዞ ተደርጓል፣ እያንዳንዱ 9,000 ብር። ከ20ው ውስጥ 15ቱ የድንች ናቸው፣ 5ቱ ብቻ የሩዝ። ወጪውን በጉዞ ብናካፍለው ድንች 135,000፣ ሩዝ 45,000 ብር ይደርሰዋል። ደመወዝና መጋዘኑን እኩል እኩል፣ 60,000 በ60,000፣ እናድርገው። አሁን ሩዝ 135,000 ብር ሲያተርፍ፣ ድንች 35,000 ብር ይከስራል። ድምሩ ያው 100,000 ነው፤ ታሪኩ ግን ሌላ ሆነ።

እዚህ ላይ የሚደረግ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፦ «ድንች ይዘጋ!» ማለት። ቆም በሉ። ድንች ቢዘጋ የሚቀረው የራሱ የመኪና ጉዞ እንጂ የመጋዘኑ ኪራይና የሒሳብ ሠራተኛዋ ደመወዝ አይደለም። ያ 60,000 ብር ዞሮ ሩዝ ላይ ይወድቃል። ድንች ከ160,000ው ላይ 135,000 ለመኪና ከፍሎ 25,000 ብር ለጋራው ማሰሮ ያዋጣ ነበር። ብንዘጋው የድርጅቱ ትርፍ ከ100,000 ወደ 75,000 ይወርዳል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ድንች ለምን 15 ጊዜ ተመላለሰ?» የሚለው ነው።

መልሱ አደረጃጀቱ ውስጥ ተደብቋል። ኪሎውን በ20 ብር ካሰብነው 800,000 ብር ማለት 400 ኩንታል ነው። በ15 ጉዞ ሲካፈል በአንድ ጉዞ 27 ኩንታል ገደማ። አርባ ኩንታል በምቾት የሚጭን አይሱዙ ሲሶው ባዶ ሆኖ ይሄዳል ማለት ነው። ለምን? የግዢ ኃላፊው የሚመዘነው በርካሽ በመግዛቱ ነው፣ ስለዚህ ከየቀበሌው ትንሽ ትንሽ፣ ዋጋው በወረደበት ቀን ይገዛል። የሽያጭ ኃላፊዋ የምትመዘነው ደንበኛ ባለማጣቷ ነው፣ ስለዚህ «ዛሬውኑ ትኩስ ድንች ይምጣልኝ» ትላለች። የትራንስፖርቱ ሰው የሚመዘነው መኪና ባለማዘግየቱ ነው፣ ስለዚህ ይልካል። ሦስቱም ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። ባዶ ሲሶው ግን የማንም አይደለም።

በሙያ የተከፋፈለ ድርጅት ድካሙ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ሚዛን ጎበዝ ይሆናል፤ በክፍሎቹ መካከል የሚፈሰው ገንዘብ ግን ጠያቂ ያጣል። የሚጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ባለቤቱ። እሱ ደግሞ ስልክ ላይ ነው።

በ1921 አሜሪካ ውስጥ የሆነው

ይህ የትናንሽ ድርጅት ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዱፖን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከተቋቋመበት እ.ኤ.አ. 1802 ጀምሮ ዋና ሥራው ባሩድና ፈንጂ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈንጂ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወደ ቀለም፣ ወደ ማቅለሚያና ወደ ሌሎች ኬሚካሎች ገባ። አደረጃጀቱ ግን የድሮው ነበር፤ አንድ የምርት ክፍል፣ አንድ የሽያጭ ክፍል፣ ሁሉንም ምርት አንድ ላይ የያዘ።

ቀለሙ መክሰር ጀመረ። የሚገርመው ከዱፖን በጣም ያነሱ የቀለም ፋብሪካዎች በዚያው ጊዜ ያተርፉ ነበር። ፈንጂ የሚገዛው የማዕድን ኩባንያ በጅምላና በውል ነው፤ ቀለም የሚገዛው ግን ቤቱን የሚቀባ ሰው ነው፣ ከሱቅ፣ በቆርቆሮ። አንድ የሽያጭ ክፍል ሁለቱን በአንድ ልማድ ሊይዝ አልቻለም። ጉዳዩን ያጠኑ የኩባንያው ሰዎች በምርት እንከፋፈል ብለው ሐሳብ ሲያቀርቡ አመራሩ መጀመሪያ እምቢ አለ። በ1921 ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝና ኪሳራው ሲበዛ ግን ተቀበለው፤ በዚያው ዓመት መስከረም በምርት ዘርፍ ተዋቀረ። የታሪክ ምሁሩ አልፍሬድ ቻንድለር ይህን ታሪክ በ1962 በጻፈው መጽሐፍ ስለመዘገበው እስካሁን በየቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ይጠቀሳል።

ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። ዱፖንን የከፋፈለው ትልቅነቱ አይደለም፤ በጦርነቱ ጊዜም ግዙፍ ነበር፣ በሙያ ተዋቅሮም ሠርቷል። የከፋፈለው የደንበኞቹ መለያየት ነው። የሰው ብዛት ብቻውን አደረጃጀት አያስቀይርም። መቶ ሰው ኖሮት አንድ ምርት ለአንድ ዓይነት ገዢ የሚሸጥ ድርጅት በሙያ መከፋፈሉ ይበቃዋል።

መከፋፈል ስንት ያስወጣል?

ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። ድርጅቱን ለሁለት ብንከፍለው እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱን ሰው ይፈልጋል። ተጨማሪ አንድ ሻጭ፣ አንድ መጋዘን ጠባቂ፣ አንድ ሒሳብ ያዥ እንበል። እያንዳንዳቸው በወር 8,000 ብር ቢከፈላቸው 24,000 ብር አዲስ ወጪ ነው።

በሌላ በኩል የድንቹ ኃላፊ ግዢውንም ጭነቱንም ሽያጩንም በአንድ እጅ ስለያዘ በሳምንት የግዢ ቀን ይወስናል፣ ከሁለት ከሦስት ቀበሌ አንድ ላይ ይጭናል፣ 15ቱን ጉዞ ወደ 10 ያወርዳል እንበል። በአንድ ጉዞ 40 ኩንታል። አምስት ጉዞ ተረፈ፣ 45,000 ብር። 24,000ውን ከፍለን 21,000 ብር ይቀረናል። ይህ መከፋፈል አዋጣ። ጉዞው ወደ 13 ብቻ ቢወርድ ግን የሚተርፈው 18,000 ብር ነው፤ አዲሱን ደመወዝ እንኳን አይሸፍንም። ይህ መከፋፈል ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከመከፋፈላችሁ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ አስቀምጡ፦ በመከፋፈሉ የሚድነውን ገንዘብና በመደጋገም የሚወጣውን ገንዘብ።

አንድ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ ወቅት። የፎገራ ሩዝ የሚሰበሰበው በዋናነት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። የክረምቱ ድንች ከዚያ ቀድሞ ይወጣል፣ የመስኖው ደግሞ በሌላ ጊዜ። የሁለቱ ምርት ጥድፊያ ካልተገናኘ ያው ገዢ፣ ያው ሚዛን፣ ያው መጋዘን ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ብትከፋፍሏቸው ግን የድንች ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ የሩዝ ሰዎች እንቅልፍ ያጣሉ፣ «የነሱ ዘርፍ ነው» ብሎ የሚረዳም አይኖርም። በእንዲህ ያለ ሥራ በሙያ መቆየት ያዋጣል።

ደግነቱ መሐል መንገድ አለ፣ ርካሽም ነው። ሰዎቹን አትከፋፍሉ፤ ሒሳቡን ብቻ ለዩት። በእያንዳንዱ ደረሰኝና በእያንዳንዱ የጉዞ ወረቀት ላይ «ድ» ወይም «ሩ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። በወሩ መጨረሻ ሁለት ገጽ ይወጣል። ከዚያ ካሉት ኃላፊዎች አንዱን፣ ለምሳሌ የሽያጭ ኃላፊዋን፣ «የድንች ገጽ ያንቺ ነው፣ ስለሱ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፣ የግዢ ቀንም አንቺ ትወስኛለሽ» በሏት። አንድም ሰው ሳትቀጥሩ ባዶው ሲሶ ባለቤት አገኘ። ሦስት አራት ወር ሞክሩት። ጉዞው ከወረደ፣ መከፋፈሉ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ኃላፊዋ «ግዢው እምቢ አለኝ፣ መኪናውን ሩዝ ወሰደብኝ» እያለች በየሳምንቱ ከመጣች፣ ያኔ ለመከፋፈል በእጃችሁ ማስረጃ አለ።

አየር መንገዱ ለምን ተከፋፈለ?

አገራችን ውስጥ ሁለተኛውን መንገድ በግልጽ የምናይበት ድርጅት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ መብረር ጀመረ። ለረጅም ጊዜ ጥገናውም፣ ሥልጠናውም፣ የበረራ ምግቡም ራሱን አየር መንገዱን የሚያገለግሉ ክፍሎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 «ራዕይ 2025» የተባለውን የ15 ዓመት ዕቅድ ሲያወጣ እነዚህን እንደየራሳቸው የትርፍ ማዕከል አድርጎ ለማሳደግ ተነሣ፦ ዓለም አቀፍ የመንገደኛ አገልግሎት፣ የአገር ውስጥና የቀጣናው በረራ፣ ካርጎ፣ የአውሮፕላን ጥገና፣ የአቪዬሽን አካዳሚ፣ የበረራ ምግብ ዝግጅትና የምድር አገልግሎት። በ2017 የኤርፖርቶች ድርጅትም ተቀላቅሎ ግሩፕ ሆነ።

ይህ ክፍፍል ትርጉም የሚሰጠው አንድ ቀላል ፈተና ስለሚያልፍ ነው፤ ዘርፉ ለውጭ ደንበኛ መሸጥ ይችላል? የጥገናው ዘርፍ የሌሎች አየር መንገዶችን አውሮፕላን ይጠግናል። አካዳሚው ከሌሎች አገሮች የመጡ ሠልጣኞችን ያስተምራል። ካርጎው አበባ ላኪዎችን ያገለግላል። የውጭ ደንበኛ ሲኖር የገበያ ዋጋ ይኖራል፤ የገበያ ዋጋ ሲኖር የዘርፉ ትርፍ እውነተኛ ቁጥር ይሆናል። የውጭ ደንበኛ የሌለው ክፍል ግን «ትርፍ» ሲባል ቁጥሩ ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ለጎረቤት ክፍል ስንት እንዳስከፈለ ብቻ ይናገራል።

ያም ሆኖ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። የመንገደኛ አውሮፕላን ሆዱ ውስጥ ጭነትም ይይዛል። ነዳጁን መንገደኛው ይክፈል ወይስ ጭነቱ? በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም አየር መንገድ ካርጎን ለብቻው ሲያቆም ይህን መመለስ አለበት። የኛው አይሱዙ ያነሣው ጥያቄ ነው፣ በሚበር መኪና ላይ። ዘርፎች በአንድ ንብረት በተጋሩ ቁጥር የውስጥ ዋጋ ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ከወሩ በፊት መወሰን አለበት። ከወሩ በኋላ ከተወሰነ፣ ትርፉን የሚወስነው ሥራው ሳይሆን የክርክር ችሎታ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ይህን ፈተና እናድርገው። የማስፈልፈያ ማሽን ገዛችሁ፣ የሌላ ነጋዴ ሩዝም ትፈለፍላላችሁ? እንግዲያው ለብቻው ዘርፍ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ የራሳችሁን ብቻ ከፈለፈለ ግን የሩዝ ሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ ሥራ አስኪያጅ አያስፈልገውም።

ሁለት አለቃ ያለው ሰው

ማትሪክስን ለማየት ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። ፋርጣ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በቂ ነው። ከ1994 ዓ.ም. የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ጀምሮ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ድርብ ተጠሪነት አላቸው። በጀታቸውና ደመወዛቸው በወረዳው በኩል ይመጣል፣ ስለዚህ ለወረዳው አስተዳደርና ምክር ቤት ይጠየቃሉ። የሙያ መመሪያውና ዕቅዱ ደግሞ ከክልሉ ቢሮ በዞኑ መምሪያ በኩል ይወርዳል፣ ለዚያም ሪፖርት ያደርጋሉ።

ወደ ቀበሌ ስትወርዱም ያው ነው። በቀበሌ ደረጃ የግብርና ባለሙያዎች በሦስት ሙያ ይመደባሉ፦ ሰብል፣ እንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት። የሰብል ባለሙያዋ የሙያ ዕቅዷ ከወረዳው የሰብል ክፍል ይመጣል። የምትኖረው ግን ቀበሌው ውስጥ ነው፤ የቀበሌው አስተዳደር ለዘመቻም ለስብሰባም ይፈልጋታል። ሁለቱም ጥያቄ ልክ ነው። ሁለቱም ለሐሙስ ጠዋት ከሆነ ግን እሷ አንድ ሰው ናት።

እንዲህ የተዋቀረው በስህተት አይደለም። ስለ ድንች ዘርና በሽታ የሚያውቅ ተመራማሪ በየወረዳው መቅጠር አይቻልም፤ ዕውቀቱ እንደ አዴት ምርምር ማዕከል ያለ ቦታ ተሰብስቦ በሙያ መስመር መውረድ አለበት። የትኛው ጎጥ ዘንድሮ ምን እንደሚያስቀድም ደግሞ ባሕር ዳር ተቀምጦ መወሰን አይቻልም። ሁለቱም ግፊት እኩል ከባድ ሲሆንና ባለሙያው ለየብቻ ለመቅጠር የማይበቃ ጥቂት ሲሆን፣ ማትሪክስ ቦታው ይኸው ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን ማትሪክስ ማለት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ማትሪክስ ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል? ወረቀት ላይ ሁለት አለቃ ሲኖር፣ እውነተኛውን አለቃ በሦስት ፊርማ ታውቁታላችሁ፦ የዓመት ፈቃድ የሚፈርመው ማን ነው? የሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚሞላው ማን ነው? የውሎ አበል የሚያጸድቀው ማን ነው? ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ ከሆኑ ሌላኛው አለቃ አማካሪ ነው፤ ይህ መጥፎ አይደለም፣ ግን በስሙ ጥሩት። ፊርማዎቹ ተበታትነው ማን የበላይ እንደሆነ ካልተጻፈ ደግሞ ሠራተኛው ለጊዜው የሚመቸውን አለቃ ይመርጣል፣ ወይም ከሁለቱም ያመልጣል። «ያኛው ላከኝ» የሚለው ቃል ከቢሮ ሲበዛ ማትሪክሱ ታሟል።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። የስዊድኑ አሴአና የስዊዘርላንዱ ብራውን ቦቨሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ተዋህደው ኤቢቢ የተባለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ኩባንያ ሲሆኑ፣ ሥራ አስኪያጆቹ ለምርት መስመሩ አለቃም ለአገሩ አለቃም ተጠሪ ተደረጉ። ለዓመታት የማትሪክስ ምሳሌ ተደርጎ በየክፍሉ ተወሳ። በ1998 ኩባንያው ራሱ ያንን አደረጃጀት አፈረሰው። ገንዘብና የተማረ የሰው ኃይል የሞላው ድርጅት አሥር ዓመት ይዞት ከተወው፣ አሥራ አራት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ቢያስብበት ይሻለዋል።

ለአንድ ሰው የሚሆን ማትሪክስ

ያም ሆኖ የኛ ድርጅት አንድ ቦታ ላይ ማትሪክስ ሊያስፈልገው ይችላል። ድንችና ሩዝ ተከፋፍለዋል እንበል። የጥራት ባለሙያ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ሁለተኛ ለመቅጠር ሥራውም ገንዘቡም አይበቃም። ሁለቱም ዘርፍ ይፈልጓታል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጻፉ።

አንደኛ፣ ቀኖቿን ክፈሉ። ለምሳሌ በሩዝ ወቅት አራት ቀን ወረታ፣ ሁለት ቀን ፋርጣ፤ በድንች ወቅት በተቃራኒው። በየጠዋቱ የሚደረግ ድርድር ይቀራል። ሁለተኛ፣ ምዘናዋን የሚፈርመው አንድ ሰው ይሁን፣ ሌላኛው ግን አስተያየቱን በጽሑፍ ካልሰጠ ምዘናው አይጸና። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ዘርፍ ኃላፊዎች ካልተስማሙ ጉዳዩ በሁለት ቀን ውስጥ የሚወስነው ሰው ማን እንደሆነ ስሙ ይጻፍ። እነዚህን ሦስት መስመሮች መጻፍ ካቃታችሁ ማትሪክሱን አትጀምሩት። ከመጻፍ ያቃተው ነገር መሬት ላይ ሲወርድ በልጅቷ ጫንቃ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከሁለቱም ትሰደባለች፣ ከዚያ ሥራውን ትለቃለች።

ጊዜው መድረሱን በምን እናውቃለን?

አሁን ድርጅት የምትመሩ ወይም ከጓደኞቻችሁ ጋር የጀመራችሁ ልጆች ለአንድ ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱና ሠራተኞቻችሁ እናንተን ለውሳኔ በጠየቁ ቁጥር አንድ መስመር ጻፉ፦ ጥያቄው በየትኞቹ ሁለት ሰዎች መካከል ነው? በሳምንቱ መጨረሻ ቁጠሩት።

አብዛኛው ጥያቄ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ከሆነ፣ «ሚዛኑ ተበላሽቷል»፣ «ጆንያ አልቋል» ዓይነት፣ አደረጃጀታችሁ ደህና ነው፤ የጎደለው የሥራ ልምድ ወይም ለኃላፊው የተሰጠ የገንዘብ ሥልጣን ነው። አብዛኛው በግዢና በሽያጭ፣ በሽያጭና በመጋዘን መካከል ከሆነና ሁልጊዜ አንድ ምርት ስሙ ከተጠራ፣ ያ ምርት ባለቤት ፈልጓል። ሒሳቡን ለዩት፣ ኃላፊ ስጡት፣ ከዚያ መከፋፈሉ ከሚያወጣው ደመወዝ ጋር አስተያዩት። ተከፋፍላችሁ ሳለ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ «መኪናውን ማን ይውሰድ፣ ባለሙያዋን ማን ይውሰድ» ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ ወይ የውስጥ ዋጋ ነው ወይ ሁለተኛ መኪና ነው፤ በጣም በጥቂቱ ደግሞ ማትሪክስ ነው።

የጎንደሩ ቅርንጫፍስ? ጎንደር ያለው ደንበኛ የሚገዛው ያንኑ ድንች፣ በዚያው መንገድ ከሆነ፣ ቅርንጫፉ የሽያጭ ክፍሉ ሌላ ጠረጴዛ ነው፣ አዲስ ዘርፍ አይደለም። እዚያ ለሆቴሎች ታጥቦ የተለየ ድንች በውል ማቅረብ ከጀመራችሁ ግን ዱፖን በቀለም የገጠመው በእናንተም ይገጥማል፤ ደንበኛው ተለይቷልና ኃላፊውም ይለይ።

ይህ ሁሉ የሚነካው የባለቤቱን ኪስ ብቻ አይደለም። ባዶ ሲሶ ጭኖ የሚሄደው አይሱዙ በጉዞ 9,000 ብር ሲበላ፣ ያ ገንዘብ ከአንድ ቦታ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የፋርጣው ገበሬ ከሚከፈለው የኪሎ ዋጋ ላይ ነው። አምስቱ ጉዞ ያዳነው 45,000 ብር በ400 ኩንታል ሲካፈል በኪሎ ከአንድ ብር በላይ ነው። ለገበሬው አንድ ብር ጨምሮ ከተፎካካሪው ቀድሞ ድንቹን መሰብሰብ የሚችለው ድርጅት፣ የመኪናውን ሲሶ የሚጠየቅበት ሰው ያስቀመጠው ድርጅት ነው።